ዳሩ አልበስል ያለው እንጀራ እና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ኮምቦልቻ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንሠራለን። ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ የ58 ሰከንድ ማስታወቂያ ለቀቅን። ሎጎአችን ይዞራል፣ ከተማው ከላይ ይታያል፣ ከዚያ እኔ ሰላም ብዬ ስለ ሥራችን እናገራለሁ። ሰው ግን ሦስት ሰከንድ እንኳ ሳያይ ያልፈዋል። የኛ ምጣድ ዳሩም መሀሉም እኩል ያበስላል፤ ይህን ግን ማንም አልሰማልንም። አጀማመሩን እንዴት ላድርገው? ሰላም ሳልል ብጀምርስ ነውር አይሆንም ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ሰላምታው ልመልስልሽ። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፤ ያሳሰበሽ ነገር ይገባኛል። በኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ ሳይጠያየቅ ወሬ የሚጀምር የለም። ግን ሰኞ ገበያ ቆመሽ አስቢው። ነጋዴው መንገደኛውን "እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?" ብሎ አይጀምርም። እቃውን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሰውየው ቆም ሲል፣ ጨርቁን ዳበስ ሲያደርግ፣ ሰላምታውም ጨዋታውም ያን ጊዜ ይመጣል። ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ የሚሄድ ሰውም ገና መንገደኛ ነው። ቤትሽ አልገባም። ስለዚህ ነውር አይደለም፣ አብሽሪ። ሰላምታሽን አንጥለውም፤ ቦታውን ብቻ እናዛውረዋለን።

አሁን ወደ ቪዲዮው እንግባ። አብረሽ የላክሽውን ማስታወቂያ ሰዓት ይዤ አየሁት። እስከ 5ኛው ሰከንድ ሎጎው ይዞራል። እስከ 11ኛው ኮምቦልቻ ከላይ ትታያለች። ቀጥሎ አንቺ ሰላም ትያለሽ፤ ሥራውን እንዴት እንደጀመራችሁት ታወሪያለሽ። ምጣዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው 41ኛው ሰከንድ ላይ ነው። "ዳሩም መሀሉም እኩል ያበስላል" የምትይው 47ኛው ላይ ነው። እዚያ ድረስ የቆየ ተመልካች ደግሞ የለሽም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰው ምጣድሽን አይቶ አልናቀውም። ጭራሽ አላየውም። ይህን የምልሽ ዋጋ ለመቀነስ ወይም ምጣዱን ለመቀየር እንዳትቸኩይ ነው። የሚቀየረው የነገሩ ቅደም ተከተል ነው።

እኛ ሥራው ላይ ያለን ሰዎች የቪዲዮን አጀማመር ሁክ እንለዋለን፤ መንጠቆ እንደማለት ነው። ብዙ ሰው ሁክ ሲባል ጩኸት፣ ፍንዳታ፣ የሚያስደነግጥ ነገር ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ደሴ ውስጥ ለአንድ የብርድ ልብስ ሱቅ ማስታወቂያ ሠራሁ። መጀመሪያው ላይ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ወድቆ ሲሰበር አስገባሁ። ሰው በእርግጥ ቆመ። 4ኛው ሰከንድ ላይ ብርድ ልብሱ ብቅ ሲል ግን ተመልካቹ በአንድ ጊዜ ጥሎ ሄደ። አስተያየት የጻፉትም ስለ ብርጭቆው ነው የጻፉት። ለባለሱቁ አንድም ስልክ አልተደወለለትም። ጥፋቱ የኔ ነበር። የሚሰበር ብርጭቆ ማንንም ያስቆማል። ብርድ ልብስ የሚያስፈልገውን ሰው ግን ከሌላው አይለይም።

ከሳምንት በኋላ አጀማመሩን ብቻ ቀየርኩት። ሌሊት ነው፤ አልጋ ላይ ሰው ተኝቷል። ብርድ ልብሱን ወደ አንገቱ ሳብ ሲያደርገው እግሩ ይወጣል። እግሩን ሲሸፍን ትከሻው ይራቆታል። በቃ ይኸው ነው። ጩኸት የለውም፣ ንግግርም የለውም። የደሴን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ሰው ግን ያንን እግር ሲያይ የራሱን እግር ነው የሚያየው። የቆመው ሰው ቁጥር ከብርጭቆው ያነሰ ነበር። ስልኩ ግን መደወል ጀመረ።

ሁክ ሁለት ሥራ አለበት የምለው ለዚህ ነው። ያስቆማል፤ ደግሞም ማን እንደሚቆም ይመርጣል። ሁለተኛው ሲረሳ ነው ገንዘብ የሚባክነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ማስታወቂያ ስጀምር አንድ ነገር አስባለሁ። ገዢው ይህ እቃ ስለሌለው የሚቸገረው በየትኛዋ ቅጽበት ነው? ያቺን ቅጽበት እፈልግና የመጀመሪያ ምስል አደርጋታለሁ።

ያንቺ ገዢ ምጣድ የሌላት ሴት አይደለችም። ምጣድ አላት፤ ግን አስቸግሯታል። አከንባሎውን ስታነሳ መሀሉ ዓይን አውጥቶ በስሏል፤ ዳሩ ገና ሊጥ ነው። ትንሽ ብታቆየው መሀሉ ይደርቅባታል። እንዳለ ብታወጣው ሰፌዱ ላይ ይቀደዳል። ይህ በየጓዳው የሚሆን ነገር ነው። እና አንቺ 47 ሰከንድ ሙሉ ይህን ደብቀሽ ቆየሽ።

ስለዚህ አዲሱ ቪዲዮ እንዲህ ይጀምር። ካሜራው ምጣዱ ላይ በጣም ቀርቧል። አከንባሎው ከምጣዱ ላይ ተነስቷል። ልብ በይ፣ እጅ ሊያነሳው ሲዘረጋ አይደለም። እጁ ሲሄድ፣ ሲይዝ፣ ሲያነሳ ብናሳይ አንድ ሰከንድ ተኩል ይበላል። ያ የሦስት ሰከንዳችን እኩሌታ ነው። ስትቀርጪ ከመጀመሪያው ቅረጪው፤ ስታቀናብሪ ግን መጀመሪያውን ቁረጪውና ከመሀሉ ጀምሪ። እንፋሎቱ እየወጣ ነው። አንዲት ጣት ዳሩን ነካ ታደርጋለች። ጣቷ ስትነሳ ሊጥ ተለጥፎባታል። ሁክሽ ያ ጣት ላይ የተለጠፈው ሊጥ ነው። ከጥቁር ስክሪን ቀስ እያለ የሚበራ አጀማመር ካስገባሽ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፤ ተመልካቹ ጥቁሩን አይቶ ነው የሚያልፈው።

ከምስሉ ጋር የምትናገሪው ይህን ነው፦ "ዳሩ አልበስል አለሽ? ጥፋቱ የሊጡ ላይሆን ይችላል።" ሰባት ቃል ነው። አማርኛ ቃላችን ረጅም ስለሆነ እኔ በሰከንድ ከሁለት ቃል በላይ አላስነብብም። ከዚያ ከበለጠ ሰሚው ቃሉን ይሰማዋል እንጂ አይገባውም። በዚህ ሂሳብ ጥያቄው ሁለተኛው ሰከንድ ሳያልቅ ያልቃል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ወደ 4ኛው ሰከንድ ያደርሰናል። የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ሙሉ ጽሑፉ ከ60 ቃል አይበልጥም ማለት ነው። ያንቺን የድሮውን ብትቆጥሪው ከእጥፍ በላይ ነው። ፍጥነት ጨምረሽ ያነበብሽውም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ትንሽ ላቆይሽ፤ ቪዲዮውን የሚሸከመው እሱ ነው። የመጀመሪያው ምስል ሴትየዋን ያስቆማታል። ግን ችግሯን አየች ማለት ትቆያለች ማለት አይደለም። "አዎ፣ እኔም ቤት እንዲህ ይሆናል" ብላ ልታልፍ ትችላለች። የሚያስጠብቃት ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። እንጀራ ሲበላሽ ማን ነው የሚወቀሰው? ጤፉ ይወቀሳል። እርሾው ይወቀሳል። አብሲቱ ወፍሯል፣ ቀጥኗል ይባላል። በመጨረሻም ጋጋሪዋ ራሷ ትወቀሳለች። አንቺ መጥተሽ "የሊጡ ላይሆን ይችላል" ስትያት "ታዲያ የማን ነው?" ማለቷ አይቀርም። ያንን ጥያቄ ይዛ ነው ወደ 5ኛው ሰከንድ የምትሻገረው።

"አይደለም" ብለሽ አትደምድሚ፤ "ላይሆን ይችላል" በይ። ዳር የማይበስለው በብዙ ምክንያት ነው። ምጣዱ በደንብ ሳይግል ከተጋገረ አይበስልም። አከንባሎው በትክክል ካልገጠመ እንፋሎቱ በጎን ይወጣል። ማታ ሁሉም ሲጋግር ኃይል ከደከመ የትኛውም ምጣድ ይሰንፋል። ሊጡም ወፍራም ሊሆን ይችላል። ሃያ ዓመት የጋገረች እናት ይህን ሁሉ ታውቃለች። "ጥፋቱ የሊጡ አይደለም" ብለሽ ከቆረጥሽባት አስተያየት መስጫው ላይ ታርምሻለች፤ ትክክልም ናት። በሁክ ላይ የተጋነነ አንድ ቃል የቪዲዮውን ቀሪ ክፍል ሁሉ ያጠራጥራል።

መልሱን ደግሞ አታዘግዪው። እስከ 11ኛው ሰከንድ ድረስ ተመልሶ ያልቅ። እዚህ ላይ ባለቤትሽ ይግባ፤ እጁ ብቻ ይበቃል። ከኤሌክትሪክ የተነቀለ ምጣድ ተገልብጦ ሆዱ ይታያል። ጣቱ ሽቦውን እየተከተለ ከመሀል ወደ ዳር ይሄዳል። ድምፁ እንዲህ ይላል፦ "ሽቦው ዳር ላይ ከተራራቀ ሙቀቱ ዳር አይደርስም። እኛ ዳር ላይ እናቀራርበዋለን።" ዳር ሙቀቱን በጎን በኩል ለአየር ስለሚሰጥ ከመሀል የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ይህን በቃል ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሁለት የተገለበጡ ምጣዶች ጎን ለጎን ይታዩ። የተራራቀው እናንተ ራሳችሁ ለሙከራ የሠራችሁት ይሁን። የሌላ ሠሪ ምጣድ ገልብጠሽ "ይህ መጥፎ ነው" ማለት አይገባም። ጠብ ያመጣል፤ ተመልካቹም ከምጣዱ ይልቅ ጠቡን ማየት ይጀምራል።

ቀጥሎ ከ11ኛው እስከ 22ኛው ሰከንድ ማስረጃው ይመጣል። ብዙ ማስታወቂያ የሚወድቀው እዚህ ነው። ሊጥ ሲፈስ ታሳያለሽ፣ ምስሉ ይቆረጣል፣ ከዚያ ያማረ እንጀራ ይወጣል። ተመልካቹም "ሌላ ቦታ የተጋገረ አምጥተው ነው" ይላል። ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ ስልኩን በማቆሚያ አስሪውና ሳትቆርጪ በአንድ ጊዜ ቅረጪ። ሊጡ ከዳር እየተሽከረከረ ወደ መሀል ሲፈስ 12 ሰከንድ ያህል ቢፈጅብሽ፣ ፍጥነቱን አራት እጥፍ አድርገሽ 3 ሰከንድ ይሆናል። አከንባሎው ተከድኖ የሚቆይበት ሁለት ደቂቃ ደግሞ በሠላሳ እጥፍ 4 ሰከንድ ይሆናል። እንፋሎቱ እየበረታ ሲመጣ በፍጥነት ማየቱ በራሱ ደስ ይላል። ከዚያ አከንባሎው በተለመደው ፍጥነት ይነሳል። የቀረው 4 ሰከንድ ነው፤ ድምፅ አያስፈልገውም።

በዚያ 4 ሰከንድ የመጀመሪያዋ ጣት ትመለሳለች። በተመሳሳይ አቅጣጫ ትመጣና ያንኑ ዳር ትነካለች። ስትነሳ ንጹህ ናት። እንጀራው ሰፌድ ላይ ሳይቀደድ ይወጣል። እዚህ ላይ ሁክሽ ተዘጋ። በመጀመሪያው ሰከንድ ሊጥ የተለጠፈባትን ጣት ያየች ሴት ንጹሁን ጣት ስታይ ያልተነገራትን ራሷ ትናገራለች። ለዚህ ነው ሁለቱንም ምስሎች ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ እጅ ቅረጪያቸው የምልሽ። ቦታው ከተለያየ አይን አያገናኛቸውም።

አሁን ፊትሽ ይታይ። 22ኛው ሰከንድ ላይ ነን፤ ሰላምታውም እዚህ ነው። "ሰላም ለናንተ ይሁን፤ ኮምቦልቻ የምንሠራው እኛ ነን" በይ። ሰውየው ቆሟል፣ አይቷል፣ ጨርቁን ዳብሷል። አሁን ሰላምታው ያምርበታል።

ዋጋውን ስክሪኑ ላይ ጻፊው። "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚለውን ልማድ አልወደውም። ዋጋ ሲደበቅ ውድ ነው ብሎ የሚገምተው ሰው ብዙ ነው፤ የሚጽፉልሽም ግማሾቹ ዋጋ ብቻ ጠይቀው ይጠፋሉ። የደሴ ሰው ደግሞ ሌላ ስጋት አለው። ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ የሚወጣ መኪና ላይ ሸክላ መጫን ያስፈራዋል። ምጣዱ በጭድ ወይም በስፖንጅ ተጠቅልሎ ሲታሰር ሁለት ሰከንድ አሳዪና "ደሴ ድረስ ሳይሰነጠቅ እናደርሳለን" በይ። ይህን የምትይው በእርግጥ የምታደርጉት ከሆነ ብቻ ነው። ከተሰነጠቀ የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ እሱንም በይ፤ ከሙዚቃ የበለጠ ይሠራል። ሎጎው በዚህ ጊዜ ጥግ ላይ ትንሽ ሆኖ ይቀመጥ። 30ኛው ሰከንድ ላይ አለቀ።

ስለ አቀራረጹ የምነግርሽ ጥቂት ነው። እንፋሎት ፊት ለፊት በሚመጣ ብርሃን አይታይም። መስኮቱን ከምጣዱ ኋላ ወይም ከጎን አድርጊው፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ ጠቆር ይበል። ያን ጊዜ እንፋሎቱ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሌንሱ በእንፋሎት እንዳይሸፈን ስልኩን ከፍ አድርገሽ ሳይሆን ከጎን ዘንበል አድርገሽ ያዢው። ቀረጻውን ጠዋት አድርጊው፤ ማታ ኃይል ሲደክም ያንቺም ምጣድ ያሳፍርሻል። ስልኩን አቁመሽ ቅረጪ፤ አስተኝተሽ የቀረጽሽው የድሮው ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ከላይና ከታች ጥቁር ሆኖ ነው የወጣው። ምጣዱ ላይ መቅረቡንም አትፍሪው። ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮ ሲጀምር ደብዝዞ ነው የሚጀምረው። ትልቅና ቀላል ምስል ቢደበዝዝም ይለያል። ከላይ የታየች ከተማ ስትደበዝዝ ግን ምንም አይደለችም።

ጽሑፉ ላይ ግን ቆም እንበል። ፌስቡክ ላይ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ያለ ድምፅ ነው የሚጀምረው፤ ቴሌግራም ቻናል ላይም እንዲሁ። "ዳሩ አልበስል አለሽ?" የሚለው ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ በጽሑፍ ካልታየ ግማሹ ሰው ጣት ብቻ ነው የሚያየው። ከላይ በኩል አድርጊው። ከታች የገጹ ስምና መግለጫ ይሸፍነዋል፤ በቀኝ የመውደጃና የማጋሪያ ምልክቶች ይሸፍኑታል። ፊደሉ ወፍራም ይሁን። ቀጫጭን ጌጠኛ ፊደል ሲያንስ ሀ እና ሰ እንኳ አይለዩም። በእንፋሎት ላይ ነጭ ጽሑፍ ይጠፋል፤ ከኋላው ጥቁር መደብ አድርጊለት። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው ሲጠፋ አውጪው እንጂ ሁለቱን ደርበሽ አትጻፊ።

ከመልቀቅሽ በፊት አንድ ሙከራ አድርጊ። እኔ ሳላደርገው የምለቀው ቪዲዮ የለም። ስለ ሥራችሁ የማታውቅ፣ ግን እንጀራ የምትጋግር ጎረቤት ጥሪ። ድምፁን አጥፊና ሦስት ሰከንድ ብቻ አሳያት። ስልኩን ውሰጅና "ስለ ምን ነበር?" በያት። "ማስታወቂያ መሰለኝ" ካለች ሁኩ አልሠራም። "ምጣድ" ካለች ቀርቧል። "እንጀራው ዳሩ አልበሰለም ነበር፣ ከዚያስ?" ካለች ልቀቂው። ያቺ "ከዚያስ" የምትለው ቃል ናት የምንፈልጋት።

አንድ ሁክ ብቻ ሠርተሽ ግን አትቀመጪ። ባለሙያውም ቢሆን የትኛው እንደሚሠራ ቀድሞ አያውቅም። ካሜራው ከቆመ ላይቀር ሦስት አጀማመር ቅረጪ፤ ከ5ኛው ሰከንድ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ ሊጥ የተለጠፈባት ጣት ናት። ሁለተኛው ሰፌድ ላይ የተቀደደ እንጀራ ይሁን፤ ከመቀደዱ በፊት አይደለም፣ ሲቀደድ ነው የሚጀምረው። ሦስተኛው የተገለበጠው ምጣድ ይሁን፤ "ምጣድሽን ገልብጠሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?" ብለሽ ጀምሪ። ቀሪው አንድ ካልሆነ የቱ ክፍል ሰውን እንዳስቆየ ማወቅ አትችይም። በተለያየ ቀን፣ ግን በተመሳሳይ ሰዓት ልቀቂያቸው።

ከዚያ ቁጥሩን እንይ። ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያው ስንት ጊዜ እንደታየና ስንት ጊዜ ቢያንስ 3 ሰከንድ እንደታየ ይጽፍልሻል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍዪ። እንበልና የጣቱ ቪዲዮ 2,000 ጊዜ ታይቶ 560 ጊዜ 3 ሰከንድ አልፏል፤ 28 በመቶ ነው። የተገለበጠው ምጣድ ከ2,000 ውስጥ 300 ብቻ ካለፈ 15 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት ካየሽ ሦስተኛውን ተዪው። 28 እና 26 ከሆነ ግን ልዩነት አትበይው። ከአንድ ሺህ በታች የታየ ቪዲዮ ላይም እኔ አልፈርድም።

ቲክቶክ ደግሞ በየሰከንዱ ስንት ሰው እንደቀረ በመስመር ያሳይሻል። መስመሩ ሁልጊዜ ይወርዳል፤ አትደንግጪ። የምታይው የሚወርድበትን ቦታ ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች ከወደቀ ጥፋቱ የመጀመሪያው ምስል ነው። 4ኛ ወይም 5ኛው ላይ እንደ ገደል ከወረደ የኔ ብርጭቆ ገጥሞሻል፤ ሁኩና ቀጣዩ ምስል አልተገናኙም። ምናልባት ወደ ተገለበጠው ምጣድ የተሻገርሽበት ምስል ሰውየው የጠበቀውን አልመሰለውም። የመጀመሪያውን አትንኪው፤ መሻገሪያውን አስተካክዪ። ከ11ኛው በኋላ ከወደቀ ሊጡ ሲፈስ ረዝሟል፤ ፍጥነቱን ጨምሪ። ዋጋው ሲወጣ የሚወርደው ግን የተለመደ ነው። የማይገዛ ሰው ሄደ ማለት ነው፤ ደህና ይሂድ።

ስልክ ሲደወልም መዝግቢ። ሱቁ ላይ ደብተር ይቀመጥና ደዋዩን "ጣቷን ነው ያዩት ወይስ የተቀደደውን እንጀራ?" ብላችሁ ጠይቁ። በጣም ብዙ ሰው ያስቆመውና በጣም ብዙ ስልክ ያመጣው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። እኔ ስልኩን ነው የማምነው። ለምሳሌ የተቀደደው እንጀራ ሰው አስቆሞ የሚያስቅ ብቻ ከሆነ፣ ወንዱም ልጁም ቆሞ ስቆ ይሄዳል። ሊጥ ያለባትን ጣት ግን ልብ የሚላት የጋገረ ሰው ነው። ግምቴ ለጣቷ ነው፤ ውሳኔው ግን የደብተራችሁ ነው።

ሦስቱን ከለቀቃችሁ ከአሥር ቀን በኋላ የመስመሩን ምስልና የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የትኛው ሰከንድ ላይ መቀስ እንደሚያስፈልግ አብረን እናየዋለን።